በብረት ላሜራ የተደገፈ የእንጨት ቢም፦ ሁለት ቁሶችን እንደ አንድ ቁስ ማስላት

የእንጨት ቢም በሁለት ጫፎቹ ተደግፎ ከላዩ የሚያርፍበትን ክብደት እየጎበጠ የሚሸከም አግዳሚ ሲሆን፣ በሚጎብጥበት ጊዜ የላይኛው ወገኑ ይታመቃል፣ የታችኛው ወገኑ ይሳባል፣ በሁለቱ መካከልም ያልታመቀና ያልተሳበ፣ ገለልተኛ መስመር ተብሎ የሚጠራ ስፍራ ይኖራል። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ መታመቅንም መሳብንም የሚችል ቁስ ቢሆንም፣ ለሁለቱ የሚሰጠው ምላሽ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከመጠን በላይ የታመቀ ቃጫ ቀስ በቀስ እየተጨማደደ ድካሙን አስቀድሞ ያሳያል፤ ከመጠን በላይ የተሳበ ቃጫ ግን በአንድ ጉጥ አጠገብ ወይም ቃጫው ወደ ጎን ባጋደለበት ስፍራ በድንገት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሮጌ የወለል ቢም ከቀድሞው የበለጠ ጭነት እንዲሸከም ሲፈለግ፣ ከሥሩ፣ መሳቡ በሚበረታበት ወገን፣ የብረት ላሜራ በብሎን ማሰር ከተለመዱት የማጠናከሪያ ዘዴዎች አንዱ ሆኗል።

ላሜራው ከታሰረ በኋላ ግን መልስ የሚሻ ጥያቄ ይነሳል፦ ከጭነቱ ምን ያህሉ በእንጨቱ፣ ምን ያህሉስ በብረቱ ላይ ያርፋል? ከ1826 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የናቪዬ መጽሐፍ ወዲህ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት የመጉበጥ ቀመር የሚከተለው ነው።

σ = M·y / I

በዚህ ቀመር σ ውጥረትን፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈውን ኃይል ያመለክታል። M ቢሙን የሚያጎብጠው ሞመንት ነው፤ y ውጥረቱ የሚፈለግበት ነጥብ ከገለልተኛው መስመር ያለው ርቀት ነው፤ I ደግሞ የኢነርሺያ ሞመንት፣ ማለትም ቢሙ ተቆርጦ ሲታይ የሚገኘው ገጽ በቅርጹና በስፋቱ ምክንያት መጉበጥን የሚቋቋምበት ልክ ነው። ቀመሩ ቀላልና አስተማማኝ ቢሆንም ገጹ በሙሉ ከአንድ ቁስ የተሠራ መሆኑን አስቀድሞ ስለሚወስድ፣ ከሥሩ ላሜራ የተጨመረበት ቢም ላይ እንዳለ ሊሠራ አይችልም።

ችግሩን የሚፈታው ቁልፍ፣ ሁለቱ ቁሶች የማይጋሩትንና የሚጋሩትን ለይቶ ማየት ነው። ውጥረትን አይጋሩም፤ የርዝመት ለውጥን ግን ይጋራሉ። ላሜራው በእንጨቱ ሥር ሳይንሸራተት አጥብቆ ከተያዘ፣ በመገናኛው ላይ ያለው የእንጨት ቃጫ አንድ ሚሊ ሜትር በረዘመ ቁጥር ከእሱ ጋር የተጣበቀው ብረትም ያንኑ ያህል ከመርዘም በቀር ምርጫ የለውም። ይሁንና ብረት ለመለጠጥ እጅግ ግትር ነው። የአንድ ቁስ የመለጠጥ ሞጁለስ፣ ማለትም ቁሱ በተወሰነ መጠን እንዲለጠጥ የሚጠይቀው ውጥረት፣ ለብረት 200,000 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ሲሆን፣ ለብዙዎቹ ለስላሳ የግንባታ እንጨቶች ግን ከ8,000 እስከ 12,000 ሜጋ ፓስካል ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። የእንጨቱ 10,000 ነው ተብሎ ቢወሰድ የሁለቱ ንጽጽር፣ በተለምዶ n ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ 20 ይሆናል። ትርጉሙም እኩል በተለጠጡበት ስፍራ ብረቱ የእንጨቱን 20 እጥፍ ውጥረት ይሸከማል ማለት ነው።

የተለወጠ ገጽ ዘዴ የሚባለው አሠራር ከዚህ እውነታ በቀጥታ ይወጣል። በአንድ የሒሳብ መዝገብ ላይ ብርና ዶላር ተቀላቅለው ሲገኙ፣ ከመደመር በፊት ዶላሩን በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር መለወጥ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ እዚህም ብረቱ ተመሳሳይ ኃይል ወደሚሸከም የእንጨት መጠን ይለወጣል። አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ብረት የ20 ካሬ ሚሊ ሜትር እንጨት ኃይል የሚሸከም ከሆነ፣ በሥዕሉ ላይ ብረቱን አጥፍቶ በምትኩ 20 እጥፍ ስፋት ያለው እንጨት ማስቀመጥ ይቻላል። በዚህ ጊዜ የሚባዛው የላሜራው አግድም ስፋት ብቻ ነው፤ ውፍረቱ በፍጹም አይነካም። ይህ የሆነበት ምክንያት የርዝመት ለውጡ ከገለልተኛው መስመር ባለው ርቀት ስለሚወሰን ነው። ላሜራው ወደ ታች ቢወፍር ኖሮ ቁሱ ከእውነተኛ ስፍራው ርቆ የተቀመጠ ይመስልና ስሌቱ ቢሙን ከሚገባው በላይ ጠንካራ አድርጎ ያሳየው ነበር።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው መከተል ይበጃል። 150 ሚሊ ሜትር ስፋትና 250 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የእንጨት ቢም 4 ሜትር በተራራቁ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ተጋድሟል እንበል፤ የራሱን ክብደት ጨምሮ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ ላይ 10 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የአንድ ቶን ያህል ክብደት አርፎበታል። እንዲህ ባለ እኩል የተዘረጋ ጭነት ትልቁ ሞመንት በቢሙ መካከል የሚገኝ ሲሆን፣ መጠኑም ጭነቱ በርዝመቱ ካሬ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል ይገኛል፤ ይኸውም 20 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። እንጨቱ ብቻውን ሲሆን ገለልተኛው መስመር በቁመቱ እኩሌታ ላይ ይውላል፤ የኢነርሺያ ሞመንቱ 195.3 ሚሊዮን (በሚሊ ሜትር አራተኛ ኃይል) ይሆናል፤ ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ያለው ውጥረትም እኩል 12.8 ሜጋ ፓስካል ይወጣል። ለዚህ እንጨት የተፈቀደው ውጥረት 10 ሜጋ ፓስካል ቢሆን፣ ቢሙ ከልኩ በላይ ተጭኗል ማለት ነው።

አሁን 100 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ ከሥሩ ይታሰር። የላሜራው ስፋት በ20 ሲባዛ 2,000 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ግን ያው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ንጣፍ ይሆናል። በወረቀት ላይ የሚታየው የተለወጠ ገጽ ከላይ ጠባብና ረጅም፣ ከሥር ደግሞ እጅግ ሰፊና ስስ በመሆኑ፣ የተገለበጠ የላቲን ቲ ፊደል ይመስላል። እንዲህ ያለ ቢም የትም የለም፤ ነገር ግን አጎባበጡ ከእውነተኛው ቢም ጋር አንድ ስለሆነ የናቪዬ ቀመር ያለ አንዳች ማሻሻያ ይሠራበታል።

የመጀመሪያው ሥራ ገለልተኛው መስመር የት እንዳለ ማግኘት ነው፤ መስመሩ በተለወጠው ገጽ የስበት ማዕከል ላይ ያልፋል። የእንጨቱ ስፋት 37,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ማዕከሉ ከላሜራው የታችኛው ጠርዝ 135 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የተለወጠው ላሜራ ስፋት 20,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ማዕከሉ 5 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። እያንዳንዱ ስፋት በማዕከሉ ከፍታ ተባዝቶ ድምሩ ለጠቅላላው 57,500 ሲካፈል 89.8 ሚሊ ሜትር ይገኛል። ላሜራ ከሌለ መስመሩ ከዚሁ ጠርዝ 135 ሚሊ ሜትር ላይ ይሆን ነበርና፣ ብረቱ ገለልተኛውን መስመር 45 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ራሱ ጎትቶታል።

ቀጥሎ የኢነርሺያ ሞመንቱ ይሰላል። እንጨቱ በራሱ ማዕከል ዙሪያ ያለው 195.3 ሚሊዮን ነው፤ ማዕከሉ ከአዲሱ ገለልተኛ መስመር በመራቁ ስፋቱ በርቀቱ ካሬ ተባዝቶ 76.7 ሚሊዮን ይጨመርበታል። የተለወጠው ላሜራም በተመሳሳይ መንገድ 143.8 ሚሊዮን ያዋጣል። ላሜራው በራሱ ማዕከል ዙሪያ ያለው 0.17 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ ድምሩን አይለውጠውም ማለት ይቻላል፤ ይህች ትንሽ ቁጥር ግን ወደ በኋላ ትልቅ ነገር ትናገራለች። ጠቅላላው 415.9 ሚሊዮን ይሆናል። ይህም ከቀድሞው ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ላሜራ ሳይኖር በመካከሉ 17 ሚሊ ሜትር ይወርድ የነበረው ቢም አሁን 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ቀመሩን መጠቀም ብቻ ይቀራል። የእንጨቱ የላይኛው ጫፍ ከገለልተኛው መስመር 170.2 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ የሚታመቅበት ውጥረት 8.2 ሜጋ ፓስካል ነው፤ የታችኛው ጫፉ 79.8 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ የሚሳብበት ውጥረት 3.8 ሜጋ ፓስካል ነው። ለላሜራው የታችኛው ጠርዝ ቀመሩ 4.3 ሜጋ ፓስካል ይሰጣል፤ ነገር ግን ይህ ቁጥር በብረቱ ምትክ የተቀመጠው ምናባዊ እንጨት ውጥረት እንጂ የብረቱ አይደለም። እውነተኛው ውጥረት የሚገኘው ቁጥሩ በ20 ሲባዛ ነው፤ ውጤቱም 86 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። በተማሪዎች ደብተርም ሆነ ተቻኩሎ በተሠራ የቢሮ ስሌት ላይ በብዛት የሚገኘው ስህተት ይህን የመጨረሻ ማባዛት መዘንጋት ነው። ስህተቱን ለመለየት በመገናኛው ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ማስተያየት ይበቃል፦ እንጨቱ 3.8 ካለ፣ ከሥሩ የተጣበቀው ብረት 77 አካባቢ ማለት አለበት። በመገናኛው ላይ ውጥረቱ 20 እጥፍ ካልዘለለ ስሌቱ አልተጠናቀቀም።

ከዚህም የሚሻል ማረጋገጫ አለ። በቢሙ መካከል ያለው የመታመቅ ኃይል በጠቅላላው ከመሳብ ኃይሉ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከገለልተኛው መስመር በላይ ያለው እንጨት የሚታመቅበት ኃይል 104.5 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው እንጨት በ23 ኪሎ ኒውተን፣ ላሜራው ደግሞ በ81.5 ኪሎ ኒውተን ይሳባሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ 104.5 ይሆናሉ። ይህ ማረጋገጫ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሲሆን ስፋትን ሳይሆን ውፍረትን ማባዛትን፣ n መዘንጋትን፣ የገለልተኛ መስመር ስህተትን ሁሉ ስለሚያጋልጥ፣ ማንም ሰው ሳይሠራው ሥዕል ሊፈርም አይገባም።

በውጤቱ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። ላሜራው የታችኛውን ጫፍ ውጥረት ከ12.8 ወደ 3.8 ሲያወርድ፣ የላይኛውን ግን ከ12.8 ወደ 8.2 ብቻ አውርዷል። ብረቱ ገለልተኛውን መስመር ወደ ታች በመጎተቱ የላይኛው ጫፍ ከመስመሩ ይበልጥ ርቋልና፣ በኢነርሺያ ሞመንቱ ማደግ ካገኘው ጥቅም ከፊሉን በዚያው አጥቷል። በዚህ ምክንያት ላሜራውን ማወፈር ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ያህል አይጠቅምም። በ10 ሚሊ ሜትር ፋንታ 20 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢታሰር የላይኛው ውጥረት ከ8.2 ወደ 7.1 ብቻ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው 10 ሚሊ ሜትር ብረት 4.6 ሲቀንስ ሁለተኛው 1.1 ብቻ ቀነሰ ማለት ነው። ሁለተኛውን ላሜራ ከሥር ከመደረብ ይልቅ ከላይ ማድረግ፣ ወይም ላሜራዎችን በቢሙ ሁለት ጎኖች ላይ አቁሞ ማሰር፣ ገለልተኛውን መስመር ከመካከል ሳያናጋ ሁለቱንም ጫፎች ይረዳል።

እስካሁን የተሠራው ስሌት ሁሉ የቆመው ላሜራው በእንጨቱ ሥር አይንሸራተትም በሚል አንድ ግምት ላይ ነው። ግምቱ ሲፈርስ የሚሆነው ነገር ያስደነግጣል። ላሜራው በጫፎቹ ብቻ በላላ ብሎን ቢንጠለጠል፣ ሁለቱ ቁሶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገለልተኛ መስመር ዙሪያ ይጎብጣሉ፤ ያን ጊዜ ከላሜራው የሚገኘው እርዳታ ያቺ በራሱ ማዕከል ዙሪያ ያለችው 0.17 ሚሊዮን ብቻ ትሆናለች። ከእንጨቱ 195.3 ሚሊዮን ጋር ስትነጻጸር ይህች ከሺህ አንድ እንኳ አትሞላም። ከሥር ለሚመለከት ሰው ቢሙ የተጠናከረ ይመስላል፤ በላይኛውም በታችኛውም ጫፍ ያለው ውጥረት ግን እንደ ቀድሞው 12.8 ሜጋ ፓስካል ነው።

ስለዚህ ብሎኖቹ እንደ ላሜራው ሁሉ በስሌት መወሰን አለባቸው። በመገናኛው ላይ የሚፈጠረው የመንሸራተት ኃይል የሚበረታው መጉበጡ ትልቅ በሆነበት በመካከል ሳይሆን በድጋፎቹ አጠገብ ነው። በዚህ ምሳሌ በድጋፉ ላይ ያለው የመቁረጥ ኃይል 20 ኪሎ ኒውተን ሲሆን፣ ከእሱ የሚወጣው የመንሸራተት ኃይል በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ርዝመት 81.5 ኒውተን ይሆናል፤ ወደ መካከል ሲኬድም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ዜሮ ይደርሳል። አንድ ብሎን በደህና የሚሸከመው 4 ኪሎ ኒውተን ቢሆንና ሁለት ሁለት እየሆኑ ጎን ለጎን ቢገቡ፣ በድጋፎቹ አጠገብ ጥንዶቹ ከ98 ሚሊ ሜትር በላይ ሊራራቁ አይችሉም፤ ወደ መካከል ግን እየተራራቁ መሄድ ይችላሉ። ከድጋፉ እስከ መካከል ያለው የመንሸራተት ኃይል ሲደመር 81.5 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ይህም ቀደም ሲል ላሜራው በመካከል ተሸክሞት ከተገኘው ኃይል ጋር አንድ ነው። ላሜራው ኃይሉን የሚያገኘው በብሎኖቹ በኩል ብቻ በመሆኑ እኩልነቱ የግድ ነው። በሥራ ቦታ ደግሞ ከመጫን በፊት በቢሙ ጫፍ አጠገብ፣ እንጨቱንና የላሜራውን ጠርዝ አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ ማስመር ይበቃል። ጭነቱ ከገባ በኋላ መስመሩ በመገናኛው ላይ ተሰብሮ ከተገኘ ላሜራው ተንሸራቷል፤ የብሎኖቹ ቀዳዳም ሰፍቷል ወይም ብሎኖቹ አንሰዋል።

n ራሱም ቋሚ ቁጥር አይደለም። እንጨት ለረጅም ዘመን ተጭኖ ሲኖር፣ በተለይም እርጥበቱ ሲለዋወጥ፣ ጭነቱ ሳይጨምር መጉበጡን ይቀጥላል፤ ለስሌት ሲባል ይህ ሞጁለሱ እንደቀነሰ ተደርጎ ይወሰዳል። የእንጨቱ ሞጁለስ ወደ 5,000 ቢወርድ n 40 ይሆናል፤ ስሌቱ ሲደገምም የእንጨቱ የላይኛው ውጥረት ወደ 7.3 ሲወርድ የብረቱ ወደ 104 ሜጋ ፓስካል ይወጣል። ጭነቱ ከዓመት ወደ ዓመት ከእንጨቱ ወደ ብረቱ ይዛወራል ማለት ነው። ተራ የግንባታ ብረት መፍሰስ የሚጀምረው 235 ሜጋ ፓስካል አካባቢ በመሆኑ በዚህ ቢም ላይ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ብሎኖቹ ግን የሚሸከሙት ኃይል ስለሚጨምር፣ ጠንቃቃ መሐንዲስ ስሌቱን በሁለቱም የ n ቁጥሮች ይሠራና ለእያንዳንዱ አካል የከፋውን ይወስዳል።

በነባር ሕንፃ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የሚረሳው ጉዳይ ላሜራው በታሰረበት ሰዓት ቢሙ ምን ተሸክሞ እንደነበረ ነው። አስቀድሞ የጎበጠ ቢም ሥር የታሰረ ላሜራ በዚያች ሰዓት ምንም ውጥረት የለበትም፤ የሚሠራውም ከታሰረ በኋላ ለሚመጣው ጭነት ብቻ ነው። ከ20 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት 8ቱ ከወለሉና ከቢሙ ክብደት የመጣና አስቀድሞ የነበረ ቢሆን፣ የተለወጠው ገጽ ሊሰላ የሚገባው ለቀሪው 12 ብቻ ነው። እንጨቱ ብቻውን ከተሸከመው 8 የላይኛው ጫፍ 5.1 ሜጋ ፓስካል፣ ከላሜራው ጋር ከተሸከመው 12 ደግሞ 4.9 ሜጋ ፓስካል ያገኛል፤ ድምሩ 10 ሜጋ ፓስካል ነው። በወረቀት ላይ 8.2 የነበረው ውጥረት በእውነተኛው ቢም ላይ የተፈቀደውን ልክ ሙሉ በሙሉ ጨርሶታል፤ ላሜራው ደግሞ 86 ሳይሆን 52 ሜጋ ፓስካል ብቻ ይዞ ከአቅሙ በታች ይሠራል። ስለዚህ ላሜራው ከመታሰሩ በፊት የወለሉ ዕቃ ይነሳ፤ ቢሙም በመካከሉ በክሪክና በድጋፍ ቀና ይደረግ። ክሪኩ መውረድ ያለበት የመጨረሻው ብሎን ከጠበቀ በኋላ ብቻ ነው።